ዴድላይኑ AoE ካለ አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰዓት ነው?

ጽሑፋችሁን ለውጭ ኮንፈረንስ ልካችሁ የምታውቁ ከሆነ እንዲህ የሚል መስመር ሳታዩ አልቀራችሁም፦ `May 15, 11:59 PM AoE`። ቀኑ ግልጽ ነው። ሰዓቱም ግልጽ ይመስላል። ጣጣው መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። አንዳንዱ አይቶ ያልፋቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ “የአሜሪካ ሰዓት መሆን አለበት” ብሎ ይገምታል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ፊደላቱ “ኤኒዌር ኦን ኧርዝ” የሚለው ሐረግ ምሕጻር ናቸው፤ በምድር ላይ የትም ቦታ እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዓለም ላይ አንድም ቦታ ቀኑ ገና ሜይ 15 ከሆነ አልረፈደባችሁም። ሜይ 15 ከመላው ምድር ላይ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል።

ቀን ከምድር ላይ መጨረሻ የሚያልቀው የት ነው? ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ቤከርና ሃውላንድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። የአሜሪካ ናቸው፤ ነዋሪ የላቸውም። አሜሊያ ኤርሃርት በ1937 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኗን ይዛ ስትጠፋ ልታርፍበት የነበረው ሃውላንድ ላይ ነው። የእነዚህ ደሴቶች ሰዓት ከዓለም አቀፉ መለኪያ፣ ስክሪን ላይ `UTC` ተብሎ ከሚጻፈው፣ በ12 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ከዚያ በታች የሚሄድ ሰዓት የለም። ስለዚህ AoE ማለት በተግባር የቤከር ደሴት ሰዓት ነው። ሰው በሌለበት ደሴት ሰዓት ነው ወረቀት የምናስገባው ማለት ነው።

አሠራሩ የመጣው `IEEE 802.16` ከሚባለው የገመድ አልባ ኢንተርኔት ስታንዳርድ አውጪ ቡድን የድምፅ አሰጣጥ ደንብ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ኮንፈረንሶች በኋላ ወደዱት። አንድ ጭቅጭቅ ስለሚያስቀር ነው፤ ማንም ሰው “እኛ ጋ እኮ ቀኑ ገና አላለቀም ነበር” ብሎ ሊከራከር አይችልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ፦ AoE የሚለው በእርግጥ መጻፉን አረጋግጡ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። AoEን አንዴ የለመደ ሰው የውጭ ዴድላይን ባየ ቁጥር “አይ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ጊዜ አለን” ማለት ይጀምራል። የለም። AoE የሚሠራው ከተጻፈ ብቻ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ዲቪ ሎተሪ ውሰዱ። ሲዘጋ የኖረው በዋሽንግተን የሰዓት ክልል እኩለ ቀን ላይ ነው። እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም በዚያው ዕለት። የአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ ጥሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ ሰዓት 17:00 ላይ ይዘጋሉ። ይህም በክረምታቸው ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በበጋቸው 12 ሰዓት ነው። ሜይ 15 በብራስልስ ሰዓት የሚዘጋን ጥሪ AoE ነው ብሎ የያዘ ሰው ከ20 ሰዓት በላይ አርፍዶ ይደርሳል።

ዝም ብሎ “የቀኑ መጨረሻ” ወይም `EOD` ብቻ ከተጻፈና የማን ቀን እንደሆነ ካልተነገረስ? አትገምቱ። አጭር ኢሜይል ጻፉና ጠይቁ። መልስ እስኪመጣ ድረስ በራሳችሁ ከተማና በአዘጋጆቹ ከተማ መካከል ቀድሞ የሚያልቀውን ቀን ያዙ። ለአዲስ አበባ ሰው፣ አዘጋጆቹ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ከሆኑ፣ ቀድሞ የሚያልቀው የራሳችን ቀን ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። `12:00 AM AoE, May 15` የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። ይህ በጥሬው ሲነበብ ሜይ 15 የሚጀምርበት ቅጽበት እንጂ የሚያልቅበት አይደለም። ከ`11:59 PM` ጋር ሲነጻጸር አንድ ሙሉ ቀን ይቀድማል። አዘጋጆቹ ሌላውን ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን የቀደመውን ያዙ። `11:59 PM` መጻፍ የተለመደውም ይህን ግርታ ለማስቀረት ነው።

ቀጥሎ፦ ወደ እኛ ሰዓት መመለስ

አዲስ አበባ ከ`UTC` በ3 ሰዓት ትቀድማለች። AoE በ12 ይቀራል። መካከላቸው ያለው 15 ሰዓት ነው። ይህ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ እኛም ሰዓት አናዞርም፣ ቤከር ደሴትም አያዞርም። አንዴ ከያዛችሁት በቂ ነው።

በእውነተኛ ምሳሌ እንየው። የ2025ቱ ኒውሪፕስ፣ ማለትም ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ፣ የሙሉ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሜይ 15 ቀን 2025 AoE ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 2017፣ ሐሙስ። ሜይ 15፣ 23:59 ላይ 15 ሰዓት ስትጨምሩ ሜይ 16፣ 14:59 ይሆናል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59፣ ለዘጠኝ አንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ቀኑም ዓርብ፣ ግንቦት 8።

ልብ በሉ፤ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያም አይደለም። ዓርብ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰው ምሳውን በልቶ ቡና ጠጥቶ ቢሮ ከተመለሰ በኋላ።

በየጊዜው 15 መደመር ለማይመቸው ሁለት አቋራጮች አሉኝ።

የመጀመሪያውን “ዘጠኝ ለዘጠኝ” እለዋለሁ። የAoE ቀን አዲስ አበባ ላይ የሚጀምረው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። የሚያልቀው በማግስቱ 9 ሰዓት ነው። የAoE ሐሙስ ማለት ከሐሙስ 9 ሰዓት እስከ ዓርብ 9 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ ለቀኑ መጨረሻ ሌላ ስሌት አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው ሰዓቱ 11:59 ላልሆነባቸው ቀናት ነው። ከAoE ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፤ የሀበሻ ሰዓት ይሰጣችኋል። 11:59 ሲቀነስ 3፣ 8:59። `5:00 PM AoE` ቢሆን 5 ሲቀነስ 3፣ 2 ሰዓት፤ በማግስቱ ጠዋት። `12:00 PM` ማለትም እኩለ ቀን ቢሆን 12 ሲቀነስ 3፣ 9 ሰዓት፤ ለማግስቱ አጥቢያ ሌሊት። የሀበሻ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ስለሚለያይ በአጋጣሚ የሚሠራ ነገር ነው። ግን ይሠራል። የሚነግራችሁ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ ነው። ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ ዛሬ ይሁን ነገ፣ ያንን በዘጠኝ ለዘጠኝ አመዛዝኑ።

የሳምንቱንም ቀን አብራችሁ ቀይሩ። ዴድላይኑ ዓርብ AoE ከሆነ እናንተ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ የምትተማመኑ ከሆነ፣ ወይም ፊርማ የሚሰጣችሁ ኃላፊ ቅዳሜ ከሰዓት የማይገኝ ከሆነ፣ የተረፋችሁ የሚመስለው 15 ሰዓት ብዙም አይጠቅማችሁም። የእናንተ ዴድላይን ዓርብ ማታ ነው።

በኮምፒውተር ማረጋገጥ

ስሌቱን በእጅ ብትሠሩትም አንዴ በማሽን አረጋግጡት። ሊኑክስ ያለው ሰው ይህን ይጻፍ፦

```
TZ="Africa/Addis_Ababa" date -d "2025-05-15 23:59 -1200"
```

ሜይ 16፣ 14:59 (ወይም 02:59 PM) ይላችኋል። ማክ ላይ ያለው `date` ይህን አጻጻፍ አይቀበልም፤ እዚያ ላይ አትድከሙ።

“አሁን AoE ላይ ስንት ሰዓት ነው?” ለሚለው ደግሞ ይህ በሁለቱም ይሠራል፦

```
TZ="Etc/GMT+12" date
```

እዚህ ጋ ግን አንድ የተረገመ ነገር አለ። AoE በ12 ወደ ኋላ የቀረ ነው ካልን ስሙ ላይ ለምን መደመር ተጻፈ? በእነዚህ `Etc` በሚጀምሩ ስሞች ውስጥ ምልክቱ የተገለበጠ ነው። መደመር ወደ ምዕራብ፣ መቀነስ ወደ ምሥራቅ ነው። የቆየ የዩኒክስ ልማድ ነው።

“ስህተት መሆን አለበት” ብላችሁ ወደ `Etc/GMT-12` ብትቀይሩት ምን ይሆናል? ሰዓቱ ትክክል ይመስላል። የሚሳሳተው ቀኑ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ቢሆን ትክክለኛው ትእዛዝ ሐሙስ 19:00 ይላል። የተገለበጠው ዓርብ 19:00 ይላል። ሰዓቱን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም፤ አንድ ሙሉ ቀን ግን ተሳስቷል። መለያው ይህ ነው፦ የAoE ቀንና ሰዓት አንድ ላይ ሲታዩ ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ናቸው እንጂ በፍጹም አይቀድሙም። ቀድመው ካያችኋቸው ምልክቱ ተገልብጧል።

ስክሪኑ ሌላ ነገር ሲላችሁ

ማስታወቂያው ሜይ 15 ይላል። ጽሑፉን የምታስገቡበት ገጽ ደግሞ ሜይ 16 ይላል። “ተራዘመ እንዴ?” የሚል መልእክት በቴሌግራም መዞር የሚጀምረው ያኔ ነው።

አልተራዘመም። እንደ `OpenReview` ያሉ ገጾች ጊዜውን አንዳንዴ በ`UTC` ያሳያሉ። `May 15, 11:59 PM AoE` በ`UTC` ሲጻፍ `May 16, 11:59 AM` ነው። ያው ቅጽበት፣ ሌላ ልብስ። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ከሰዓት የነበረው ጠዋት ከሆነና ቀኑ በአንድ ካለፈ፣ AoE ወደ `UTC` ተቀይሮ ነው። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ሌላ 15 ሰዓት መደመር ነው። አንዴ የተቀየረን ነገር ደግማችሁ አትቀይሩ። `UTC` ካያችሁ የምትጨምሩት 3 ብቻ ነው።

አንዳንድ ገጽ ደግሞ ጊዜውን በራሳችሁ ኮምፒውተር ሰዓት ያሳያል፤ “ይህን ያህል ሰዓት ቀረ” ብሎም ይቆጥራል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ትክክል ከሆነ። እኛ ጋ ግን አንድ ልማድ አለ። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይ በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው። ለቀጠሮ ይመቻል። ለዚህ ግን መርዝ ነው። ማሽኑ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለቀረ፣ በእሱ ሰዓት እየተቆጠረ የሚታየው ቀሪ ጊዜ 6 ሰዓት ይጨምርላችኋል። ዓርብ 7 ሰዓት ላይ ሁለት ሰዓት እንደቀራችሁ ማወቅ ሲገባችሁ ስምንት ሰዓት ያሳያችኋል። ምሳችሁን ረጋ ብላችሁ ትበላላችሁ።

መፍትሔው ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መመለስና የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን ማየት ነው። የሀበሻ ሰዓት ማየት ለምትፈልጉ፣ ሰዓቱን በእጅ ከማዛባት የሰዓት ክልሉን ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር ይሻላል። ቦነስ አይረስ ከእኛ በ6 ሰዓት ስለምትቀር የሀበሻውን ቁጥር ታሳያችኋለች፤ ማሽኑም እውነተኛውን ሰዓት አይስትም።

ለቡድኑ እንዴት ይነገር?

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ እስካሁን ያለው ይበቃችኋል። ተባባሪ ጸሐፊ ውጭ አገር ካላችሁ ግን ዋናው ችግር የሚመጣው እዚህ ነው። በራሴ ደርሶብኛል።

ከሁለት ዓመት በላይ የለፋንበት ጽሑፍ ነበር። እኔ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባልደረባዬ ሜሪላንድ። ስሌቱን እኔ ሠራሁት፤ ትክክል ነበር። ሐሙስ ማታ በድምፅ መልእክት እንዲህ አልኳት፦ “የሚዘጋው ነገ 8 ከ59 ነው። ያቺን ሦስተኛዋን ምስል ብቻ አስተካክለሽ አንቺ ጫኚልን፤ እኔ ነገ ቀን መንገድ ላይ ነኝ።”

“እሺ ወንድሜ፣ አታስብ” አለችኝ።

እሷ 12 ዓመት አሜሪካ ኖራለች። 8 ከ59 ስትሰማ የመጣላት ጠዋት 8:59 ነው፤ በእሷ ሰዓት። ደግሞ የማይሆን ነገር አይመስልም፤ አሜሪካ ላይ ጠዋት መዘጋቱን ታውቃለች። ለጠዋቱ 8 ሰዓት አላርም ሞላች፤ አንድ ሰዓት ይበቃኛል ብላ። እውነተኛው መዝጊያ ግን በሜሪላንድ 7:59 ነበር። ከአልጋዋ ተነስታ ላፕቶፑን ስትከፍት ገጹ ላይ የማስገቢያው ቁልፍ ጠፍቷል።

የተረፍነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት ግማሽ የበሰለውን ቅጂ አስገብተን ነበር። ገምጋሚዎቹ የደረሳቸው እሱ ነው፤ ሦስተኛው ምስል ላይ የአንዱ መስመር ስያሜ ተቆርጦ የቀረበት። አንዱ ገምጋሚ አላለፋትም፤ “ይህ ምስል አልተጠናቀቀም” ብሎ ጻፈ። ልክ ነበር።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እኔ “8 ከ59” ስል የማን ሰዓት እንደሆነ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

```
May 15, 11:59 PM AoE
= May 16, 11:59 AM UTC
```

ከስሩ የእያንዳንዱን ሰው ከተማ እደረድራለሁ፦ አዲስ አበባ ዓርብ ግንቦት 8፣ በሀበሻ 8:59 ከሰዓት፣ በፈረንጅ 14:59፤ ሜሪላንድ ዓርብ ሜይ 16፣ በፈረንጅ 7:59 ጠዋት። ረጅም ነው፤ አሰልቺም ነው። ግሩፑ ላይ ፒን አደርገዋለሁ። ሦስት ነገር አይጎድልበትም፤ የሳምንቱ ቀን፣ የሀበሻ ወይስ የፈረንጅ መሆኑ፣ ከተማው። የድምፅ መልእክት ለዴድላይን መጠቀምም አቁሜያለሁ።

ሌላ ቦታ ላሉት ለዚያው ሜይ 15 ዴድላይን፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ ሁሉም ሜይ 16፦ ሪያድና ኩዌት እንደ እኛው 14:59፣ ዱባይ 15:59፣ ቴል አቪቭ 14:59፣ ፍራንክፈርትና ሮም 13:59፣ ለንደን 12:59፣ ሎስ አንጀለስ ሌሊት 4:59። ይህ የበጋቸው ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና አሜሪካ በክረምት ሰዓት ስለሚያዞሩ ያኔ አንድ ሰዓት ይቀነሳል፤ ሜሪላንድ 6:59፣ ቴል አቪቭ 13:59፣ ፍራንክፈርት 12:59 ይሆናል። ባሕረ ሰላጤውና እኛ አንንቀሳቀስም። ሰዓት የሚዞርበት ሳምንት ላይ የሚውል ዴድላይን ካለ ለውጭዎቹ ደግማችሁ አስሉ፤ ያለፈውን ዓመት መልእክት ኮፒ አታድርጉ።

ወደ ኋላ መቁጠር

8:59 ማለት 8:59 ላይ መጫን ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሲስተም 59ኛዋን ደቂቃ እስክታልቅ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ደቂቃዋ እንደገባች ይዘጋል። አዲስ አበባ ላይ 7 ሰዓት፣ ማለትም መዝጊያው ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ የመጨረሻ ቅጂ መግባት አለበት ብዬ እይዛለሁ። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢንቀራፈፍ ወደ ሌላ ቦታ ለመሮጥ የሚበቃ ጊዜ ነው። የመጨረሻው ሰዓት ላይ የዓለም ሰው ሁሉ አንድ ገጽ ላይ እንደሚረባረብም አትርሱ። ሁሉም የሚጠብቀው ያንኑ የቤከር ደሴት እኩለ ሌሊት ነው።

ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ያላችሁን ቅጂ አስገቡ። አብዛኞቹ ሲስተሞች እስኪዘጋ ድረስ ፋይሉን ደጋግሞ መተካት ይፈቅዳሉ። ስታስገቡ የሚመጣውን ኢሜይል አስቀምጡ፤ ከዚያ ፋይሉን ራሳችሁ መልሳችሁ አውርዱና ክፈቱት። የላካችሁት ፒዲኤፍ ትክክለኛው መሆኑን የምታውቁት ያኔ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አካውንት። AoE የሚሰጣችሁ ትርፍ 15 ሰዓት ለአካውንት አይረዳም። `OpenReview` ላይ በተቋም ኢሜይል ሳይሆን በጂሜይል የሚመዘገብ ሰው ፕሮፋይሉ በሰው ይታያል፤ ይህም እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ጂሜይል ነው። ኒውሪፕስ በ2025 ሁሉም ጸሐፊ ፕሮፋይል እንዲኖረው ጠይቋል፤ አንድ ተባባሪ ጸሐፊ ዘግይቶ ቢመዘገብ ሁሉም ይያዛል። የዚያን ዓመት ጥሪ የአጭር መግለጫ ማስረከቢያ ቀድሞ ሜይ 11 ላይ ነበር፤ እሱም AoE ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሜይ 12፣ ሰኞ ግንቦት 4፣ 8:59 ከሰዓት። ዋናውን ቀን ብቻ ካላንደር ላይ አስፍሮ ይህን የረሳ ሰው በዋናው ቀን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ጥሪው ላይ ያሉትን ቀኖች በሙሉ አንድ በአንድ ቀይሯቸው።

ካላንደር ላይ ስታስገቡም የAoEን የሰዓት ክልል ከዝርዝሩ ለማግኘት አትድከሙ። `UTC` ምረጡና በማግስቱ 11:59 ጠዋት ብላችሁ ጻፉ። የተጋበዙት ሰዎች ስልክ ወደየራሳቸው ይቀይረዋል።

ካለፈስ?

9 ሰዓት አካባቢ ሆኖ ቁልፉ ከጠፋ፣ መጀመሪያ አስሉት። በእርግጥ AoE አልፏል ወይስ ገጹ ነው የተበላሸው? `TZ="Etc/GMT+12" date` ገና ሜይ 15 የሚል ከሆነ ስህተቱ የእነሱ ነው። ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሹት አንሱና ጽሑፋችሁን አያይዛችሁ ወዲያው ለአዘጋጆቹ ጻፉ። ኢሜይላችሁ የደረሰበት ጊዜ ራሱ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ሜይ 16 የሚል ከሆነ ግን የሰዓት ክልል ክርክር አታንሱ። AoE ያንን በር ዘግቶታል፤ ከቤከር በኋላ የሚመሽበት አገር የለም። የቀራችሁ ጥያቄ ቀኑ ለሁሉም ተራዝሞ እንደሆነ ብቻ ነው። አንዳንዴ ይራዘማል፤ በተለይ አነስተኛ ወርክሾፖች። ከተራዘመም አዲሱ ቀን አጠገብ AoE መጻፉን እንደገና እዩ። ማራዘሚያውን በሌላ ሰዓት የሚጽፉ አዘጋጆች ገጥመውኛል።